በእንቁላል ነጭ የጠራ መረቅ

አማቴ ታመው ከደጋው ከገረሴ ወደ እኛ ቤት የወረዱት በፍልሰታ ጾም ነው። ሐኪሙ ኪኒኑን በባዶ ሆድ እንዳይወስዱ አጥብቆ ነግሯቸዋል፤ እህል ግን አልወርድላቸው አለ። የነፍስ አባታቸው ሳይቀሩ ለበሽተኛ ጾም ይፈታል ብለው መክረዋቸው ነበር። አሻፈረኝ አሉ። ደግነቱ አሳ በጾም ይበላሉ።

ከሲቀላ ገበያ የጫሞ ሐይቅ አሳ ጭንቅላትና አጥንት ከቁራጭ ሥጋ ጋር ገዝቼ አጥንቱን ቀቀልኩ። ችኩል ነኝ፣ እሳቱን አብዝቼው መረቁ ድፍርስ ብሎ ወጣ። አማቴ ገና ሲያዩት አቅለሸለሻቸውና ፊታቸውን አዞሩ። በራሴ ነደድኩ። ሆቴል ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ስንት ዓመት የሠራሁ ሰው ለገዛ አማቴ እንዲህ ያለ ነገር ላቅርብ?

ሆቴል ቤት እንደለመድኩት በእንቁላል ነጭ ላጠራው መረቁን አጥልዬ አቀዘቀዝኩት። ትኩሱ ላይ ከተጨመረ የእንቁላሉ ነጭ ወዲያው ይረጋና ምንም ሳይይዝ ይቀራል። ነጩን ለይቼ ሳልቀቅል ካስቀረሁት ከተከተፈ ጥሬ አሳና ከቲማቲም ጋር መታሁት፤ ቀዝቃዛው መረቅ ውስጥ ቀላቅዬ በለስላሳ እሳት ጣድኩት። ታቹ እንዳይዝ ቀስ እያልኩ አማሰልኩ። ሞቅ ሲል ነጩ መርጋት ስለጀመረ ማማሰሉን ተውኩ። እየረጋ ያንን ሁሉ ብናኝ አጣብቆ ይዞ ወደ ላይ ወጣና እንደ ክዳን ጋገረ። ከተንተከተከ ክዳኑ ይፈርስና ቆሻሻው ተመልሶ ይገባል፤ ስለዚህ እሳቱን ቀነስኩ። በጠርዙ በኩል ቀዳዳ ከፍቼ ባይ ሥሩ እንደ ቀጭን ሻይ ጠርቷል። ከዚያች ቀዳዳ በጭልፋ እየቀዳሁ በንጹሕ ጨርቅ አጠለልኩት። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ባለቤቴ ገብቶ ሳህን ላይ የቀሩትን አስኳሎች አየና ደነገጠ። ያኔ ነው የገባኝ። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ እንቁላል በጾም እንደማይበላ ባውቅም እጄ የለመደውን ሲሠራ ትዝ አላለኝም። እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንቁላሉ እኮ ከነቆሻሻው ወጥቷል፣ ዝም ብለሽ ስጫት አለኝ። እናቱ እንዳትሞትበት ፈርቶ ነው፤ አልፈረድኩበትም። እኔም ፈርቻለሁ።

ኩባያውን ይዤ ገባሁ። አማቴ ቀና ብለው ሲያዩት ፊታቸው በራ፣ እጃቸውንም ዘረጉ። ከንፈራቸው ጋ ሲደርስ ግን አላስቻለኝም።

«እማማ፣ ያጠራሁት በእንቁላል ነጭ ነው» አልኳቸው።

ኩባያውን ቀስ ብለው መለሱልኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ በተሻለኝ ነበር። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ዓይኑን ማየት አቃተኝ። መሽቷል፤ አሳ ሻጮቹም ተበትነዋል። ኪኒኑ ትራሳቸው አጠገብ እንደተቀመጠ ነው።

አማቴ ወደ ኪኒኑ አዩና፣ «ልጄ፣ ያ የደፈረሰው አልተረፈም? እሱኑ ዓይኔን ጨፍኜ ልጠጣልሽ» አሉኝ።

አንድ ጭልፋ እንኳ ሳላስቀር ሁሉንም አጥርቼዋለሁ።