ለአደባባይ የወጣውን ብቻ

ሩሀማን ግትር ናት የሚሏት አሉ። ይበሉ! ቦንጋ ውስጥ ማርና ቡና በሚሸጥ ድርጅት ተቀጥራ ዘወትር ሰኞ የምትሠራው ሥራ ግልጽ ነው። የሦስት ተፎካካሪዎችን የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ ትከፍታለች፤ ባለፈው ሳምንት ስንት ጊዜ እንደለጠፉ ትቆጥራለች፤ የራሳቸውን ለብቻ፣ ከሌላ ያጋሩትን ለብቻ። ከዚያ ርዕሱን ሠንጠረዥ ላይ ትጽፋለች፦ ዋጋ፣ የበዓል ምኞት፣ ቡና የተገኘበት የማንኪራ ጫካ። ለአንድ ተፎካካሪ አንድ መስመር። አለቀ።

ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ግን ይኼ አልበቃቸውም።

«ተፎካካሪያችን ይመኙሻል ለደንበኞቿ ብቻ የከፈተችው ዝግ የቴሌግራም ግሩፕ አለ» አሏት። «በሌላ ስም ገዢ መስለሽ ግቢና እዚያ የሚወራውን ሠንጠረዡ ላይ አስገቢልኝ።»

«አልገባም ጋሼ። እኔ የምመዘግበው ለሁሉም ሰው ያወጡትን ነው፤ ጓዳቸውን አይደለም።»

«እንግዲያው የሚገባ ሰው እቀጥራለሁ!»

ሩሀማ ደነገጠች። ዋጫ ከተማ ያሉት እናቷ የሚኖሩት በዚህች ደመወዝ ነው። ቢሆንም ቃሏን አላጠፈችም። «ይቅጠሩ» አለች።

ጋሼ በንዴት ስልካቸውን መዘዙ። የቴሌግራም ስማቸውን አጥፍተው «አፀደ» ብለው ጻፉ፤ የጽጌረዳ ፎቶ ጨመሩበት፤ ከአንድ ደንበኛ ባገኙት ሊንክ ገቡ። ወይ ጉድ! በገዛ ስልክ ቁጥራቸው እኮ ነው። ቦንጋ ውስጥ ያንን ቁጥር ያልያዘ ነጋዴ አለ እንዴ? አንድ ሰው ቁጥርህን በስምህ ከመዘገበ፣ አንተ ያሻህን ስም ብትለጥፍ በእሱ ስልክ ላይ የሚወጣው እሱ የመዘገበው ነው።

እትዬ ይመኙሻልም ወዲያው ግሩፑ ላይ ጻፉ፦ «ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እንኳን ደህና መጡ! ማር ስንት ኪሎ ልላክልዎ?» በዚህም አላበቁም። ስክሪንሾቱን ለሁሉም ክፍት በሆነው ገጻቸው ላይ ለጠፉት። ከባጃጅ ነጂ እስከ ቢሮ ሠራተኛ ሳቀ።

ሰኞ ሩሀማ እንደ ወትሮዋ ሠንጠረዡን ከፈተች። በእትዬ ይመኙሻል መስመር ላይ የፖስቱን ብዛት ሞላች፤ ርዕስ በሚለው ስር «ዋጋ፣ አዲስ ማር፣ የእኛ ሥራ አስኪያጅ» ብላ ጻፈች።

ጋሼ ከኋላዋ ቆመው ያነቡ ነበር። «አጥፊው!»

«አላጠፋም።»

«ሥራሽን ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?»

«እፈልጋለሁ። ስለምፈልገውም ነው የምጽፈው። ለሁሉም ሰው ወጥቷል፤ ስለዚህ ይቆጠራል። አንዱን ካጠፋሁ የቀረውን ማን ያምነዋል? ከፈለጉ ዛሬውኑ ያሰናብቱኝ።»

ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ላባቸውን ጠረጉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ፦

«ለመሆኑ... ስንት ሰው ላይክ አደረገው?»

«እሱን አንመዘግብም ጋሼ» አለች ሩሀማ፣ ከስክሪኑ ዓይኗን ሳትነቅል። «ብዛትና ርዕስ ብቻ ነው የምንመዘግበው። ከፈለጉ ግን በቃል እነግርዎታለሁ።»