የመነሻው ከፍታ

እትዬ ቅጠል ይሏታል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ናሙና ቤት ቅጠል በጋዜጣ መሃል ስታደርቅ፣ ካርቶን ላይ ስትሰፋ፣ ቁጥር ስትለጥፍ የኖረች ቴክኒሻን ናት። ዛሬ ዶክተር የሆነውም፣ ፕሮፌሰር የሆነውም፣ ሁሉም አንድ ቀን "እትዬ፣ ይቺ ምንድን ናት?" እያለ ቅንጣቢ ይዞ ደጇ ላይ ቆሟል። ታዲያ የእነሱ ጽሑፍ ሲታተም እሷ በደራሲነት ተቆጥራ ታውቃለች? ኧረ ወዲያ!

ስለዚህ ጡረታዋ ስድስት ወር ሲቀረው ከእነሱ አንዱ ፕሮፌሰር ቢሮው ጠርቶ "እትዬ፣ አንድ የዳሰሳ ጽሑፍ አብረን እንሥራ፤ የመጀመሪያዋ ደራሲ እርስዎ ነዎት" ሲላት፣ እንባዋን ዋጥ አድርጋ ነው የወጣችው። ፕሮፌሰሩ የገዛ ተማሪዋ ነበር። የጽሑፉ ጉዳይ ደግሞ ዕድሜዋን የጨረሰችበት ነው፤ ዓለም ሲሞቅ የሞቃት አገር ተራሮች ላይ ያሉ ተክሎችና እንስሳት ሽቅብ እየወጡ ነው ወይ፣ ከወጡስ ስንት ሜትር? በየአገሩ የታተመውን ሰብስባ፣ አበጥራ፣ የታወቀውንና ያልታወቀውን መለየት ነው ሥራዋ።

የመጀመሪያው ጠባቸው አወቃቀሩ ላይ ነበር። እሱ "ምዕራፍ አንድ ዕፅዋት፣ ምዕራፍ ሁለት አዕዋፍ፣ ምዕራፍ ሦስት ነፍሳት፤ አለቀ" አለ።

"ወፍና ቅጠል መለየትማ ሕፃንም ያውቃል" አለችው። "አንባቢው የሚፈልገው ሌላ ነው። መጀመሪያ ምን እንደሚጠበቅ እንንገረው፤ መቶ ሜትር በወጣህ ቁጥር ግማሽ ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፣ እንግዲህ ይህን ያህል ከሞቀ ይህን ያህል መውጣት ነበረባቸው ብለን። ከዚያ የታችኛውን ዳርቻ፣ የላይኛውን ዳርቻና መሃሉን ለየብቻ እንያቸው። ከታች እየጠፋ ከላይ ያልጨመረ አለ፤ እሱ እኮ ወጣ አይባልም፣ ጠበበ ነው የሚባለው። ቁልቁል የወረዱትም የራሳቸው ክፍል ይኑራቸው፤ እርጥበት ተከትለው ይሁን፣ ደኑ ስለተመነጠረ ይሁን ይጣራ። ጫፉ ላይ ያለው መሄጃ የለውም። ግርጌው ላይ ያለው ሽቅብ ሲሄድ ደግሞ ቦታውን የሚተካ፣ ከዚያ የባሰ ሙቀት የለመደ ዝርያ የለም። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ክፍል ይቅደም፤ መነሻ የሚሆነን የድሮው ልኬት ይታመናል ወይ?"

ፕሮፌሰሩ ሳቀና "እርስዎን ማን ይችላል!" ብሎ እሺ አለ።

እሷም ቅጽ አዘጋጀች። ምንም ውጤት ሳያዩ መመዘኛውን አስቀድመው ተፈራረሙበት፤ ኋላ ለወዳጅ ማድላት እንዳይመጣ። ለእያንዳንዱ ጥናት የሚሞላ ነው፤ የድሮው ከፍታ በምን ተለካ? መሣሪያው መቼ መቼ ተስተካከለ? በድሮውም በአዲሱም ልኬት ጊዜ ያው ተዳፋት ላይ፣ እኩል ድካም ተደክሞ ነው የተፈለገው? መልስ ያጣ ጥናት ወደ "አጠራጣሪ" ሰንጠረዥ ይሄዳል። መቶ አሥራ ሁለት ጥናት ነበር። እያንዳንዱን እየገለበጠች፣ መነጽሯን እየወለወለች፣ የሰውን ስህተት እየለቀመች "ወይ አለማፈር!" ስትል ሰነበተች።

ሠላሳ ሰባተኛው ላይ ደረሰች። የፕሮፌሰሩ ጥናት ነው፤ ስሙን ያስጠራው፣ ማዕረጉን ያሰጠው። በአንድ ተራራ ላይ ተክሎች በሠላሳ ዓመት በአማካይ ዘጠና ሜትር እንደወጡ ያሳየበት። በሙቀቱ ልክ የሚጠበቀው መቶ ሜትር ነበርና "ተክሎቹ ከሙቀቱ ጋር እኩል እየተራመዱ ነው" ብሎ ጻፈ፤ ዓለምም አጨበጨበለት። የድሮው ልኬት በማን እጅ ተወሰደ? በእትዬ ቅጠል። ያኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበረች።

"መሣሪያው መቼ መቼ ተስተካከለ?" የሚለው ላይ እስክሪብቶዋ ቀጥ አለ።

ማታ ራት ላይ ባሏን ጠየቀችው። ያኔ የትምህርት ክፍሉ ሹፌር ነበር፤ እዚያው ተራራ ላይ ነው የተግባቡት። "ሰውዬ፣ ያኔ ተራራው ግርጌ ስንደርስ ስንት ሰዓት ነበር?"

"ከቀኑ አስር ሰዓት ነዋ። መኪናው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ስትሰድቢኝ ውለሽ።"

"መለኪያውንስ?"

"እንደደረስን ከፍታው የተጻፈበት ድንጋይ ላይ አስቀምጠሽ አስተካከልሽው። ከዚያ ወዲያማ ለማስተካከል ማን ወርዶ!"

ተነስታ የዚያን ጊዜ ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች። መሣሪያው ከፍታን የሚያነበው ከአየር ግፊት ነው፤ ግፊቱ ከጨመረ ዝቅ ያለ ቦታ ይመስለዋል። በሞቃት አገር ደግሞ ግፊቱ በየቀኑ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ከፍ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ አስር ገደማ ዝቅ ይላል። በአስር ሰዓት ግፊት አስተካክላ፣ እዚያ የቆዩበትን አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ነው የለካችው። መለኪያው ሁሉንም ተክል አርባ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጎ አንብቦላታል። ፕሮፌሰሩ ኋላ በሳተላይት ሲለካ እነዚያ አርባ ሜትሮች ተክሎቹ በእግራቸው እንደወጡት ተቆጠሩ። ዘጠና የተባለው ሃምሳ ነው።

ዝም ብትልስ? ማንም አያውቅም። ስሟ ከፊት ይታተማል፣ ትሸኛለች፣ በቃ። ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ጠዋት ግን ሠላሳ ሰባተኛውን "አጠራጣሪ" ሰንጠረዥ ውስጥ አስገባችና ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ ቢሮው ሄደች።

ፕሮፌሰሩ ሰምቶ ሲጨርስ ፊቱ አመድ መሰለ። "እትዬ፣ የስንት ዘመን ነገር! ማን ይጠይቃል?"

"ቅጹ ይጠይቃል። አብረን ፈርመንበታል።"

"ታዲያ እርስዎ ሰዎች ሙቀቱ ውሸት ነው እንዲሉ ነው የሚፈልጉት?"

"ምን ውሸት አለው? ይብሳል እንጂ! ተክሎቹ እየወጡ ነው፤ ግን አልደረሱበትም። ሙቀቱ ጥሏቸው ሄዷል። አንተ እኩል ናቸው ብለህ ሰውን አረጋጋኸው እኮ።"

እጁን ወደ ማስታወሻ ደብተሯ ዘረጋ። ከዚያ "ደብተሩን ይተዉልኝ፤ ላስብበት" አለ። ተወችለት። ያሳደገችው ልጅ ነው፣ ምን ትጠርጥር?

ከዚያ ወዲያ ስልክ አያነሳም። ኮሪደር ላይ ሲያገኛት "ስብሰባ አለብኝ፣ እትዬ" ነው። ጡረታዋ ደረሰ፤ ኬክ ተቆረሰ፣ ጋቢና የግድግዳ ሰዓት ተሰጣት። እሱ የሽኝቱን ንግግር አደረገ፤ "የትምህርት ክፍላችን እናት" አላት፤ ሰው አጨበጨበ። ስለ ጽሑፉ አንድ ቃል አልወጣውም።

ጡረታ በወጣች በሰባተኛው ወር አንዲት የድሮ ተማሪዋ "እንኳን ደስ አለዎት ልበል ወይስ…?" ብላ ጽሑፉን ላከችላት። ከባሏ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ከፈቱት። አወቃቀሩ የሷ ነው፤ የሚጠበቀው፣ ሦስቱ ዳርቻዎች፣ የወረዱት፣ ጫፉና ግርጌው፣ ሁሉም በያለበት። ከፊት የፕሮፌሰሩ ስም፣ ከኋላው የማታውቃቸው ሁለት የውጭ ሰዎች። የድሮውን ጥናቱንም ራሱ አርሞታል፤ "ሃምሳ ሜትር፤ ተክሎች ከሙቀቱ ወደኋላ ቀርተዋል" ይላል። በዚህ ግኝት ለሽልማት እንደታጨ ከሥሩ ተጽፏል። ዓይኑን በጨው ያጠበ!

"ያንቺ ስም የታለ?" አለ ባሏ፣ አንገቱን አስግጎ። "ምስጋናው ላይ እይ እስቲ።"

ምስጋናው ላይ የለችም። ልኬቱ ልክ መስሎ ዝና ባመጣበት ዘመን በድሮው ጽሑፍ ላይ "የትምህርት ክፍሉ መዝገብ" ነበር የተባለው፤ ሰው የለካው አይመስልም ነበር። አሁን ግን ስለ መነሻ ልኬት በሚያወራው ክፍል፣ በሳጥን ውስጥ፣ "የተለመደ ስህተት ምሳሌ" ከሚል ርዕስ በታች፣ ሙሉ ስሟ ከነአባቷ ከነአያቷ ሰፍሯል።

"አገኘሽው?" አላት።

"አዎ" አለች እትዬ ቅጠል። "ስህተቱን የሠራችው እሷ ናት ይላል።"