ባለቤቴ ደም የሸናበት ዓመት

የሹፌር ሚስት ስትሆኚ አገር ሁሉ ይመክርሻል። ጨው የምትገዢበት ሱቅ፣ ጎረቤት፣ ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች ደንበኛ ሳትቀር «ዓይንሽን ግለጪ» ትልሻለች። እኔ ጂንካ ገበያው አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ። ባለቤቴ ደግሞ አይሱዙ ይነዳል፤ አንድ ሳምንት ዲመካ፣ አንድ ሳምንት ካንጋተን፣ ማሽላ ጭኖ ሄዶ ፍየል ጭኖ ይመለሳል። የድሮው የአውሮፕላን ሜዳ ገና መሃል ከተማ ላይ ነበረ፤ አውሮፕላን በሌለበት ቀን ሰው ያቋርጠዋል፣ ከብት ይግጥበታል። እኔም ምክሩን ሰምቼ እስቃለሁ እንጂ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም ነበር።

አንድ ክረምት ዝናቡ ሽንት ቤታችንን አጥለቀለቀው። ጉድጓዱ እስኪጠገን ብዬ ነጭ ባልዲ ገዛሁ። ጠዋት ልደፋው ሳነሳ ውስጡ ቀይ ነው። እኔ ደህና ነኝ፣ የወር አበባዬም አልመጣም፤ እንግዲህ የሱ ነው ማለት ነው። ባልዲውን እንደያዝኩ ገባሁና አልጋው አጠገብ ቆምኩ።

«ይኼ ምንድነው?»

አንዴ ባልዲውን አንዴ እኔን አየና፣ «ይኼማ ቆየ» አለኝ፤ ስለ ጎማው መላጥ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

«ቆየ? ምኑ ነው የቆየው?»

«ሽንቱ ሊያልቅ ሲል ደም ጠብ ይላል። ሲለው ይተዋል፣ ሲለው ይመጣል። እኛ ያደግንበት የጥጥ እርሻ ወንድ ልጅ ሁሉ እንደዚህ ነበር። እንዲያውም ቀይ ያልሸና ገና ሕፃን ነው ተብሎ ይሳቅበታል።»

እግዚኦ! ሰው ውሸት ሲያጣ እንዲህ ያለውን ይፈጥራል? እርግጥ አዋሽ ዳር ከሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ባንዱ እንዳደገ፣ እዚያው ትራክተር ሲነዳ ኖሮ ከሠርጋችን ጥቂት ዓመት በፊት ወደ ጂንካ እንደመጣ አውቃለሁ። ግን ደም መሽናት የጉብዝና ምልክት ነው ሲለኝ ያን ሁሉ መካሪ አስታወስኩ። «ጨብጥ ነው! ካንጋተን ነው ወይስ ዲመካ?» ብዬ ጮህኩበት። እሱ ደግሞ ሲናደድ ድምፁ ይጠፋል። ሱሪውን ለበሰና ወጣ። ልብሴን በሻንጣ ከተትኩ። ሻንጣውን የዘጋሁት ተቀምጬበት ነው።

ከመሄዴ በፊት ግን ይታከም ብዬ አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት። የሚያክመው ሰው ከመቀመጣችን፣ «ይኼ ባልና ሚስት አንድ ላይ የሚታከሙት ነው» አለና ሁለታችንንም መርፌ ወጋን። በሱ ፊኛ የኔ መቀመጫ ተበሳ! ሳምንት ሙሉ የስፌት መኪናዬ ላይ በአንድ ጎን እየተቀመጥኩ ሠራሁ። ደሙ እንደሆነ ወይ ፍንክች። ይባስ ብሎ ግራ ጎኑን ይወጋኛል ማለት ጀመረ። ሌሊት ሲገላበጥ ስሰማው ቁጣዬ እየሸሸ ፍርሃት ገባኝ። ሻንጣዬ እንደታሰረ ጥግ ላይ ነው፤ እኔ ግን ይኼ ሰው ቢሞትብኝስ እያልኩ ነው።

ሆስፒታል ሄድን። የጠዋት ሽንት ሰጠ። ደም አለው፤ ሌላ የታየ ነገር የለም ተባለ። የላቦራቶሪው ልጅ ግን ውጤቱን ሲሰጠን፣ «ኦሞ ወንዝ ውስጥ ትዋኛለህ እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። ባለቤቴ ሳቀ። «አዞ አለበት እኮ! እኔ የዋኘሁት አዋሽ ዳር፣ የጥጡ መስኖ ቦይ ውስጥ ነው፤ ሙቀቱ መቼ ያስቀምጣልና።» ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንግዲያው ደግመን እንየው። ነገ ከአስር እስከ ሁለት ባለው ሰዓት ና፣ እዚሁ ትሸናለህ» አለው።

በማግስቱ ባለቤቴ ሥራውን ትቶ አስር ሰዓት ላይ ሄደ። ከሰዓት በኋላ አስር፣ ጥላ ሲረዝም። ሌላ ባለሙያ ተቀበለውና አየለት፤ ምንም የለም። በነጋታው አብረን ስንሄድ ያ ልጅ ተቆጥቶ ጠበቀን።

«ለምን ቀረህ? ትናንት ስጠብቅህ ዋልኩ!»

«መጣሁ እንጂ! አስር ሰዓት ላይ መጣሁ፣ አንተ የለህም!»

«አስር ሰዓት ላይ እኔ እዚሁ ነበርኩ!»

«የት? ጣራ ላይ?»

የሁለቱም የአንገት ሥር ተገተረ። እኔ መሃላቸው ገብቼ፣ «ቆይ፣ ቆይ። ከአስር እስከ ሁለት ያልከው፣ ሁለት ሰዓትማ ምሽት ነው። በምሽት ነው እንዴ የምትሠሩት? የማን አስር ነው ያልከው?» አልኩት። ልጁ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው፣ ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታ። የተማረበት መጽሐፍ ሰዓት የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ እሱም እንዳለ አወረደልን። በኛ አቆጣጠር ከረፋዱ አራት እስከ ስምንት ማለቱ ነበር። ከቦይ ውሃ የሚይዝ ትል አለ፣ እንቁላሉን በብዛት ወደ ሽንት የሚጥለው ያን ጊዜ ነው አለን፤ ማለዳም አመሻሹም ላይ ቢፈለግ ሊያመልጥ ይችላል። እስክናለቅስ ሳቅን። ከዚያ ክረምት ወዲህ ከባለቤቴ ጋር እንደዚያ ስንስቅ የመጀመሪያችን ነው።

ሰዓቱ ደግሞ ጥሩ ነበር፣ አራት አልፎ ነበር። «ሽንት ከመስጠትህ በፊት ተንቀሳቀስ፣ ሩጥ፣ ዝለል። እንቁላሉ ከፊኛው ግድግዳ ይላቀቃል» ተባለ። ባለቤቴ ሆዱ ትንሽ ከፍ ያለ ሰው ነው። ግቢው ውስጥ ዘለለ፣ እኔ «ከፍ አድርገህ! እንዲህማ እኔም እዘላለሁ!» እያልኩ አዘዝኩት። አንዲት ወረፋ የምትጠብቅ የአሪ ሴትዮ፣ «ምን ሆኖ ነው፣ ጋኔን ያዘው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አይ እናቴ፣ ትል ነው» አልኳት። ራቅ ብላ ተቀመጠች።

ሽንቱን ሰጠ። የመጨረሻዋ ጠብታ ሳትቀር ስጥ ተብሎ ነበር። ልጁ ሽንቱን በማሽን አሽከርክሮ፣ ሥሩ ላይ የዘቀጠውን መስታወት ላይ አድርጎ አየና፣ «እህቴ፣ ነይ ተመልከቺ» አለኝ። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበስኩ። ሞላላ እንቁላል ነው፣ አንድ ጫፉ ላይ እሾህ አለው። የኔን ትዳር ሊያፈርስ የነበረው ይኼ ነው! «አንተ ነህ?» አልኩት እንቁላሉን። ልጁ ስሙ ቢልሃርዝያ ነው አለን፤ የፊኛው ዓይነት። ሽንቱ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ እንቁላሉ ይፈለፈላል፣ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ያድጋል፣ ከዚያ ወጥቶ የሚዋኘውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። በግንኙነት የሚተላለፍ አይደለም። ይኼን ሲል ባለቤቴ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እኔ ኮርኒሱን አየሁ።

ደስታችን ግን አልቆየም። ሐኪሙ ጎኑን ስለሚወጋው አልትራሳውንድ አዘዘ። የፊኛው ግድግዳ ወፍሯል፣ ግራ ኩላሊቱም አብጧል። ሐኪሙ ረጋ ብሎ አስረዳን። ትሉ ፊኛው ዙሪያ ያለ የደም ሥር ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። እንቁላሉ ሁሉ ግን አይወጣም፤ ግድግዳው ውስጥ የቀረው ያቆስላል፣ ቁስሉ ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳው ከኩላሊት የሚወርደውን ቱቦ ሲያጠበው ሽንቱ ወደ ኋላ ይጠራቀማል፣ ኩላሊቱ ያብጣል፣ ብዙ ከቆየም ሥራ ያቆማል። ለረጅም ጊዜ የቆሰለ ፊኛ ደግሞ ካንሰር ሊያወጣ ይችላል። «ትሉን በክኒን እንገድላለን። ጠባሳው ምን ያህል እንደሚመለስ ግን ጊዜ ነው የሚነግረን። ፊኛውም በካሜራ ይታይ» አለ።

የክኒኑን ልክ ለማወቅ ቁመቱን በእንጨት መለኩት፣ ክብደቱንም መዘኑት። ለትምህርት ቤት ልጆች የሚታደለው ዓይነት ክኒን ነው፤ ምግብ በልቶ ባንድ ጊዜ ዋጠው። «ከሬት ይመራል» አለና ተኛ፤ ራሱን ሲያዞረው፣ ሆዱን ሲቆርጠው ዋለ። እኔ ሻንጣዬን ፈትቼ ልብሴን መልሼ ሰቀልኩ። ይቅርታ አልጠየቅኩትም፤ እሱም ሻንጣውን እንዳላየ አለፈው።

ሳምንታት ቆይቶ ሲታይ እንቁላሉ ጠፍቷል፣ ደሙም ቆሟል። ለካሜራው አዲስ አበባ ተላክን። ቀጭን ካሜራ በሽንት ቱቦው አስገብተው ሲያዩት እኔ በር ላይ ቆሜ የማላውቀውን ጸሎት ሁሉ አልኩ። ወጥተው፣ «ጠባሳ አለ፣ ዕጢ የለም» ሲሉኝ ነፍሴ መለስ አለች። ግን አስጠነቀቁን፤ በየዓመቱ ኩላሊቱም ፊኛውም ይታይ፣ ደም እንደገና ከታየ አንድ ቀን አትደሩ። በቀጣዩ ዓመት የኩላሊቱ እብጠት ጎደለ። ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ግን ጎደለ።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ከሽንት ቤት ሲወጣ «ንጹሕ ነው!» ይላል፤ ጎረቤት ይሰማል ብዬ እቆጣዋለሁ። ዘንድሮ አንድ ቀን ግን ወጥቶ ዝም አለ። ቀና ብዬ ሳየው ፊቱ አመድ መስሏል። «ቀይ ነው» አለኝ።

ባጃጅ ይዘን ሆስፒታል በረርን። መንገድ ላይ እጄን ያዘኝ፤ በሰው ፊት እጄን የሚይዝ ሰው አይደለም። «ያኔ ባትጮሂብኝ ኖሮ» አለኝ፣ «ወንድ ሁሉ እንዲህ ነው እያልኩ እሞት ነበር።» እንባዬ አስቸገረኝ፣ ባጃጁን የሚነዳው ልጅ በመስታወት ያየናል።

ሽንቱን ሰጠ። አሁን ላቦራቶሪው ውስጥ ያለችው ልጅ ባለ ቀለም መመርመሪያ ወረቀቷን ነክራ አየችው፣ በማይክሮስኮፕም ደገመችው። «ጋሼ፣ ደም የለውም። ትናንት ምን በሉ?»

ተያየን። ከትናንት በስቲያ ሠርግ ነበረን፤ የተረፈውን ሰላጣ ትናንት ማታ አንድ ሰሃን ሙሉ ጨርሶታል።

«ቀይ ሥር» አለ ባለቤቴ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

ልጅቷ ሳቀች፣ «እሱ ሽንት ያቀላል። ደግ አደረጋችሁ፣ ሁልጊዜም እንዲህ ኑ» አለችን። እኔ ግን እዚያው በሰው ፊት አንገቱን አቅፌ አለቀስኩ፤ «ደግሞ ቀይ ሥር በልተህ ታያታለህ!» እያልኩ።