የእማዬ ሳሎን ሠላሳ እጅ

እንጀራዬ የሰው ሳሎን ማሳመር ነው። ጅማ ውስጥ አዲስ ቤት የሠራ ወይም ልጁን የሚድር ሰው ይጠራኛል፤ እኔም የግድግዳውን ቀለም፣ መጋረጃውን፣ ሶፋውን እመርጥለታለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼበታለሁ። ሰው "ጎበዝ ናት" ሲለኝ አምኜ ነበር፤ የገዛ እናቴ ሳሎኔን ጥላ መውጣት እስክትጀምር ድረስ ማለቴ ነው።

እማዬ መርሳት የጀመረችው አባቴ ከሞተ በኋላ ነው። ያደግንባት አሰንዳቦ ብቻዋን መኖር ሲያቅታት ቤቱን አከራይተን ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ እኔ ጋ አመጣኋት። ለመምጣቷ ክብር ብዬ ሳሎኔን እንደ አዲስ ሠራሁት። ሕጉን ደንበኞቼ ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል፤ ስንቴ ለፍልፌበታለሁ። ዓይን ከሚያየው ውስጥ ከመቶ ስልሳው እጅ አንድ ዋና ቀለም ይሁን፤ ሠላሳው እጅ እሱን የሚደግፍ ሁለተኛ ቀለም ይሁን፤ የቀረው አሥር እጅ ማድመቂያ ነው። ግድግዳውንና መጋረጃውን ፈዛዛ ግራጫ አደረግኳቸው፣ ስልሳው እሱ ነው። ሠላሳውን ለጥቁር ሰማያዊ ሶፋና ምንጣፍ ሰጠሁ። ትራሶቹና የአበባ ማስቀመጫው ሰናፍጭ ቢጫ ሆኑ። ፎቶውን ያየ ሁሉ አደነቀኝ።

እማዬ ገባችና ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቀችና፣ "ልጄ፣ ተራዬ መቼ ነው የሚደርሰው?" አለችኝ። ባንክ የገባች መስሏት ነው። ያኔ ሳቅሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለጎረቤቴም ነግሬያት አብረን ሳቅን።

ሳቁ ሳምንት አልሞላውም። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነጠላዋን ትለብሳለች፣ ቦርሳዋን ታነሳለች፣ "በሉ እንግዲህ፣ ልሂድ፤ ቤቴን ከፍቼው ነው የመጣሁት" ትላለች። "እማዬ፣ ቤትሽ እኮ ይሄ ነው" ስላት ግድግዳውን ዞር ዞር ብላ ታየዋለች፤ ከዚያ እኔን ታየኛለች፣ ውሸታም እንደሚያዩ አድርጋ። ደንበኛ ጋ ስሄድ ጎረቤቴ ትጠብቅልኝ ነበር። እሷ ለአፍታ ዞር ስትል እማዬ የለችም። ሦስት ጊዜ መናኸሪያ ተገኘች። በሦስተኛው ያመጣት የባጃጅ ሾፌር፣ "አሰንዳቦ አድርሱኝ እያሉ መኪና ሥር ሊገቡ ነበር። ማሎ፣ እባክሽ እህቴ፣ እኚህን የመሰሉ እናት እንዲህ ይለቀቃሉ?" ብሎ ተቆጣኝ።

በዚያው ቀን ታላቅ ወንድሜ መጣ። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ነገር ማስረዘም አይወድም። ከኪሱ ትልቅ ጓጉንቸር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ስትወጪ ከውጭ ትቆልፊባታለሽ" አለኝ።

"እናቴን እንደ ዶሮ?"

"ሬሳዋን ከመንገድ ከምናነሳ ይሻላል።"

ክፉ ሆኖ አይደለም። እውነቱን መሆኑ ነው ያንገበገበኝ። ጓጉንቸሩን መሳቢያ ውስጥ ወርውሬ፣ እስከሚቀጥለው እሑድ ታገሰኝ አልኩት። "እስከዚያ ምን ልታደርጊ?" ሲለኝ፣ "ሳሎኑን እቀይራለሁ" አልኩ። ጤንነቴን ተጠራጠረ መሰለኝ፣ ትንሽ አፍጥጦ አየኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ። እኔ ከቀለም ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም፤ ሐኪሙ እንደሆነ "ለዚህ በሽታ መድኃኒት የለም፣ የለመደችው ነገር ዙሪያዋ ይሁን" ብሎ ነው የሸኘን።

የለመደችው የአሰንዳቦውን ሳሎኗን ነው። ከዚያ ሳሎን እኔ የማስታውሰው አረንጓዴውን ነው፣ አባቴ በእጁ የቀባውን የዘይት ቀለም። የተቀቀለ ጎመን ውሃ የመሰለ አረንጓዴ! ተማሪ ሆኜ ጓደኞቼን ቤት የማልጋብዘው በእሱ የተነሳ ነበር። አሁን ግን አራት አረንጓዴ ትራስ ገዝቼ በቢጫዎቹ ቦታ ደረደርኩ። እማዬ አንዱን አንስታ አየችውና ወደ ጎን አድርጋ ተቀመጠች፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነጠላዋን ለበሰች። ደንበኞቼን "አሥሩን እጅ የስልሳውን ሥራ አታሠሩት" እያልኩ የምቆጣ ሴት፣ በአራት ትራስ እናቴን አገሯ ላደርሳት ነበር።

አብሮኝ የሚሠራው ቀለም ቀቢ የሰኮሩ ሰው ነው፤ እድሜው ከአባቴ እድሜ ብዙ አይርቅም። ግራጫውን ልናጠፋው ነው ስለው፣ "ገና ሽታው ሳይለቅ?" አለ። ነገሩን ስነግረው ግን ባርኔጣውን አወለቀ። "አብሽሪ ልጄ፣ ለእናት ተብሎ የተቀባ አይቆጭም" አለኝ። አረንጓዴውን ከቢጫና ከትንሽ ጥቁር ጋር እየቀላቀለ በጣውላ ቁራጭ ላይ ሞከረልኝ። ሦስቱን እማዬ አይታ አለፈቻቸው። አራተኛው ላይ መዳፏን አሳረፈች፣ ገና እርጥብ ነበር። "ይሄስ የቤቴ ነው" አለች። ቀቢው ፊቱን አዞረ፤ እኔ ደግሞ ጮክ ብዬ አለቀስኩ።

በሁለት ቀን ግድግዳው በሙሉ አረንጓዴ ሆነ፤ መጋረጃውንም ከእሱ የሚስማማ አሰፋሁ፤ ስልሳውን ጨረስኩ። የአሰንዳቦው ሶፋ ቡናማ ስለነበር ለሠላሳው ሰማያዊውን ሶፋ ቡናማ ልብስ አለበስኩት፣ ቡናማ ምንጣፍም አነጠፍኩ። ለአሥሩ እጅ ቀይ የፕላስቲክ አበባ ገዛሁ፤ ለደንበኛ ቢሆን በዱላ አልነካውም። እማዬ ሁለት ቀን አልወጣችም። ግድግዳውን እያየች ትቀመጣለች፤ ግን ሶፋው ላይ ስትሆን አንድ የጠፋባት ነገር እንዳለ ሁሉ እጇ ክንዱን ይዳስሳል። እኔ ደስታዬ አሳውሮኛል፣ የት አይቼ። ለወንድሜ ደውዬ "ጓጉንቸርህን መጥተህ ውሰድ" ብዬ ፎከርኩበት።

በሦስተኛው ቀን ሄደች። መናኸሪያ እንኳ አልደረሰችም፤ ቦይ ውስጥ ወድቃ ጉልበቷ ተልጦ፣ ነጠላዋ ጭቃ ሆኖ ሰው ተሸክሞ አመጣት። ቁስሏን ሳጥብ፣ "ያሳሳቱኝ በግድግዳው ነው፤ የሌላ ሰው ቤት ነው፣ የእኔን ግድግዳ ቀብተውበት" አለችኝ። ወንድሜ መጥቶ ጓጉንቸሩን ከመሳቢያ አወጣና ቁልፉን እጄ ላይ አደረገው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "አንቺ የምትችይውን አድርገሻል" አለኝ።

ቅዳሜ ነበር። መሬቱ ላይ ተቀምጬ አረንጓዴውን ግድግዳ ስመለከት እውነት እላችኋለሁ፣ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ሰኞ ቆልፌባት ወደ ሥራ እሄዳለሁ፤ እሷ ከውስጥ በሩን ትደበድባለች፤ ጎረቤት ይሰማል፤ ከዚያ መደብደቡን ትተዋለች። ይሄ መጨረሻው ነው የበለጠ ያስፈራኝ፣ መተዉ። ወንድሜ ሊወጣ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለኝና፣ "የምረቃህ ቀን አሰንዳቦ ሳሎን ውስጥ የተነሳኸው ፎቶ አለህ?" አልኩት። "አሁን ፎቶ ምን ያደርግልሻል?" ቢልም ቤቱ ሄዶ አመጣልኝ።

ወንድሜ በጥቁር ካባ መሀል ላይ ቆሟል። ፎቶውን በስልኬ አነሳሁት፤ ኮርኒሱን ቆርጬ አወጣሁና በላዩ ላይ መስመር እያሰመርኩ መቶ ትንንሽ ሳጥን አደረግሁት። አንድ ሳሎን ለምን እንደሚረብሸኝ ሲጠፋኝ የምሠራው ሥራ ነው። ወንድሜ የሸፈነውን ትቼ ቆጠርኩ። አረንጓዴው እንዳልኩት ነው፣ ከቀረው ስልሳ እጅ ይሆናል። ቡናማውን ልቆጥር ስል ግን ቡናማ የለም። የሶፋው እግር፣ የቡፌው ጠርዝ፣ ከቀዩ አበባ ጋር ተደምሮ አሥር እጅ ቢሞላ ነው። ሠላሳው እጅ ነጭ ነበር። ዳንቴል!

የሶፋው መደገፊያ ላይ ዳንቴል፣ ክንዱ ላይ ዳንቴል፣ መቀመጫው ላይ ዳንቴል። ቡፌው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ጠረጴዛው፣ ሬዲዮው ሁሉ ዳንቴል ለብሷል። እማዬ በኪሮሽ የሠራችው ነው፣ እኔና ወንድሜ እስክናድግ ድረስ ስትሠራው የኖረችው። በእኛ ሙያ ደግሞ የሰው ቤት ስንገባ መጀመሪያ የምናነሳው ዳንቴል ነው። ባለቤቲቱ ቅር እያላት እንኳ "ሶፋሽን ደበቀው እኮ" ብለን እንገፍፈዋለን። ሠላሳውን እጅ ሳሰላ ከዳንቴሉ ሥር ያለውን ሶፋ ቆጠርኩ እንጂ ዓይን የሚያርፍበትን ነጩን አልቆጠርኩም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው ለእኔ ነው። የእማዬን ዳንቴል ከአሰንዳቦ ስናመጣ በማዳበሪያ ጠቅልዬ ቁም ሳጥኑ ላይ የጣልኩት ራሴ ነኝ።

እሑድ ጠዋት አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ ተኩሼ አለበስኩ። ቡናማው ከሥሩ ጠፋ። ጓጉንቸሩን አምጥቶ የነበረው ወንድሜ ራሱ የቴሌቪዥኑን አስተካከለ፤ "ይሄኛው ጫፉ ወደ ፊት ነበር" እያለ። ሲጨርስ ሁለታችንም ተቀመጥን። ጓጉንቸሩ ወደ መሳቢያው ተመልሶ ዛሬም እዚያው አለ፤ በር ላይ ውሎ አያውቅም።

እማዬ ከመኝታ ቤት እያነከሰች ወጣች። በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ቀጥታ ሄዳ የሶፋውን ክንድ ዳሰሰች፣ የተጣመመውን ዳንቴል አቃናች፣ መሀል ላይ ተደላድላ ተቀመጠች። ጫፍ ላይ አይደለም፣ መሀል ላይ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ቦርሳዋን አላነሳችም። አሥር ሰዓት ሆነ። ወንድሜ ዓይኑን ጠርጎ ተሰናብቷት ሄደ።

እኔ እሱን ልሸኝ እንደተነሳሁ እዚያው ቆሜ ቀርቼ ነበር። "ቁጭ በይ እንጂ ልጄ፣ ምን ያስቆምሻል? ቤት ያፈራውን ሳትቀምሺማ አትሄጂም" አለችኝ፣ እንግዳ የምትቀበልበት ድምፅ ነው። ተቀመጥኩ። ጠጋ አለችና ዳንቴሉን በጣቷ እየነካች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ይሄን አደራ እንዳትነኩብኝ። ልጄ ስትመጣ ታነሳብኛለች። የሰው ቤት የምታሳምር የተማረች ልጅ አለችኝ፤ በእኔ ቤት ታፍራለች።"

"አታፍርም" አልኳት።

እማዬ እጄን መታ መታ አደረገችልኝ፣ ለሌላ ሰው ልጅ እንደሚታዘን።

"አንቺ አታውቂያትም" አለችኝ።