ሁለቴ የተቆጠረው ሙቀት

በአትሌቲክስ ጽሕፈት ቤቱ «ሚዛኑ» ነበር የሚሉት። ስሙን ያወጡለት ሲያሾፉበት ነው፤ እሱ ግን ከልቡ ወደደው። ሥራው በተለያየ ቦታ የተሮጠን የጎዳና ሩጫ ሰዓት ማመዛዘን ነው። ዳገት ላይ የተገባበትን ሰዓት ሜዳ ላይ ከተገባበት ጋር እንዲሁ ማወዳደር ግፍ ነው ባይ ነው፤ እውነቱን ነው። ውድድር ባለበት ሁሉ ቴርሞሜትሩን ይዞ ይሄዳል፤ ጥላ ሥር ሰቅሎ ሲጀመርም ሲያልቅም ያነባል። ሚስቱ «እኔን ሲያተኩሰኝ እንኳ እንዲህ ቀርበህ አይተኸኝ አታውቅም» ትለው ነበር።

በዚያ ዓመት ለግማሽ ማራቶን ቡድን የአንዲት ሴት ቦታ ቀረ፤ ተፎካካሪዎቹ ደግሞ ሁለት። «ረጅሟ» የሚሏት፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት የሞላትና ሌላ ዕድል የማትጠብቀው፣ በቀዝቃዛ ጠዋት ሜዳ ላይ ሮጣ በአንድ ሰዓት ከአሥራ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ገባች። ሌላዋ፣ ገና ልጅ ናት፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ዳገታም ከተማ ውስጥ፣ በሙቀት፣ በአንድ ሰዓት ከአሥራ ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ገባች። ማን ትበልጣለች? በሉ ሚዛኑ ይፍረድ ተባለ።

ሁለቱንም ውድድር የሮጡ አሥራ አንድ ሴቶች አገኘ። እያንዳንዷ ዳገታማው ላይ ምን ያህል እንደዘገየች አስልቶ በቅደም ተከተል ደረደረና መካከለኛዋን ወሰደ፦ ከመቶ ሁለት እጅ። በዚህ ሲስተካከል የልጅቷ ሰዓት አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ከአሥራ ሦስት ሰከንድ ሆነ። ረጅሟ በሃያ ሦስት ሰከንድ ትቀድማለች። እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! ቴርሞሜትሩ ትዝ አለውና ለሙቀቱ ደግሞ ከመቶ አንድ እጅ ቀነሰላት። አርባ ሦስት ሰከንድ ወረደ፤ ልጅቷ በሃያ ሰከንድ በለጠች። ረቡዕ ዕለት ስሟ ኮሪደሩ ላይ ተለጠፈ።

ሐሙስ ጠዋት ማኅደሩን ሊዘጋ ሲል፣ ያንኑ ስሌት በዚያው ቀንና በዚያው ሰዓት በሮጡት ወንዶች ላይ ሞከረው። ሁለቱንም ውድድር የሮጡት ዘጠኝ ናቸው። ዘጠኙም በዳገትና በሙቀት ከሜዳው የተሻለ የሮጡ ሆነው ቁጭ አሉ። አንድ ሰው ይሻሻላል፤ ሁለትም ይሻሻላል። ዘጠኙም? የሴቶቹን ስሌት መልሶ ገለጠው። እነዚያ አሥራ አንድ ሴቶች ዳገቱን የወጡት በዚያው ሙቀት ነዋ! የዘገዩት በዳገቱም በሙቀቱም ነው፤ ሁለቱም በዚያች ከመቶ ሁለት እጅ ውስጥ አሉ። እሱ ሙቀቱን ሁለቴ ቆጥሮታል።

የቡድኑ ስም ዝርዝር የሚላከው ዓርብ ነበር፤ ከተላከ በኋላ ለውጥ የለም። ወረቀቱን ይዞ እስከ ኃላፊው በር ድረስ ሄደ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ኃላፊው በስልክ «የኛ ሚዛን ዝንፍ አይልም፣ በሱ እምላለሁ!» ይላል። ወረቀቱን አጥፎ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ሃያ ሦስት ሰከንድ ምን አላት፣ በመካከለኛዋ ሯጭ ፈንታ ቀጣይዋ ብትወሰድ ትጠፋ የለ እንዴ፣ እያለ ለራሱ ጠበቃ ቆመ። ነገሩ ውሸት አልነበረም፤ ለዚህ ነው የከፋው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት ሌላውን ሲመክር ስንቴ ተርቶታል! ዓርብ አለፈ።

ሰኞ ረጅሟ ራሷ መጣች። ልትከራከር አልነበረም።

«ጋሼ፣ ስንት ሰከንድ ነው ያነሰኝ? ልወቀው ብዬ ነው።»

«ሃያ።»

ራሷን ነቀነቀች። «እኔው ነኝ። ሁለተኛው ውኃ ማደያ ላይ ጠርሙሱ አመለጠኝና ተመልሼ አነሳሁት። ባሌ ‹ተይው› እያለ ሲጮህ እየሰማሁ! ሌሊቱን ሙሉ እሱን ስቆጥር ነው የማድረው።»

ይህን መቻል አቃተው። ወንበር ስቦላት ሁሉንም ነገራት፤ አሥራ አንዱን ሴቶች፣ ሙቀቱን፣ ዘጠኙን ወንዶች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። እሷ ሳታቋርጠው ሰማችው። ሲጨርስም አልተቆጣችም።

«ስህተት የማንም ነው» አለች። «መቼ ነው ያወቁት?»

«ሐሙስ ጠዋት።»

«ዝርዝሩ የተላከውስ?»

«ዓርብ… ከሰዓት በኋላ።»

ቦርሳዋን አነሳች።

«ዓርብ ልምምድ ነበርኩ» አለች። «ምናልባት የሆነ ነገር ተፈጥሮ ይጠሩኝ ይሆናል ብዬ፣ ስልኬን ለባሌ አስይዤ ነበር የምሮጠው። በየዙሩ ‹ተደወለ?› እለዋለሁ።»

በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች።