ምን ሆነህ ነው ፊልም የፈለግከው?

ሲኒማ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ አዳራሹ የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል። ድሮ ቲኬት ይሸጥባት በነበረችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን አንዲት ሴትዮ አሁንም ለሰው ፊልም ትሰጣለች። ያላት አንድ የሚያቃስት ኮምፒውተር፣ አንድ በርጩማና አንድ መስኮት ነው። ሰው ፍላሹን በመስኮቱ ያቀብላታል፣ ትጭንለታለች፣ ይዞ ይሄዳል። ሥራዋ ይኸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ ነበር።

የሰፈሩ ሰው «ምን ሆንክ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ባለ ታክሲው ነው። አንድ ቀን ወደ ማታ መጥቶ ክርኑን መስኮቱ ላይ አሳረፈና፣

«እትዬ፣ አንድ አሪፍ ፊልም ጫኚልኝ» አላት።

«ምን ሆንክ?»

«ምን እሆናለሁ? ደህና ነኝ!»

«ምን ሆነህ ነው ፊልም የፈለግከው? ደክሞህ ነው? ተናደህ ነው? ብቻህን ነው የምታየው ከሚስትህ ጋር?»

«ኧረ በፈጠረሽ! ፊልም ነው የጠየቅኩሽ፣ ቃሌን ተቀበዪኝ አላልኩም።»

«እሺ፣ ‹አሪፍ› የሚለው የቱ ጋ እንደተቀመጠ አሳየኝና ልጫንልህ።»

ሳቀ። ሲስቅ ደግሞ ሰው እውነቱ ያመልጠዋል። ቀኑን ሙሉ ጡሩንባ ሲሰማ መዋሉን፣ ጩኸት ያለበት ነገር እንደማይፈልግ፣ ሚስቱ ልጆቹን አስተኝታ እስክትመጣ ምሽቱ እንደሚጋመስ፣ እሷ ከመጣች በኋላ እሱ ዐይኑን ገልጦ የሚቆየው ከአንድ ሰዓት ብዙም እንደማይበልጥ ነገራት። ሴትዮዋ አጭር፣ ዝግ ያለ፣ ሁለት ሰዎች አንድ ወጥ ቤት ውስጥ ሲጨቃጨቁ ሲታረቁ የሚያመሹበትን ፊልም ሰጠችው። በማግስቱ ታክሲውን መንገድ ላይ አቁሞ፣ ተሳፋሪው እየጮኸበት፣ «እትዬ ምን ሆንክ! ሳልተኛ አለቀ! በትዳሬ የመጀመሪያው ነው!» ብሎ አለፈ። ስሙ በዚያው ጸናባት።

ይህን ጥያቄ ከየት አመጣችው ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። ወጣትነቷን የጨረሰችው በዚያው ሲኒማ ቤት በር ላይ ቲኬት ስትቀድ ነው። ሌሎቹ ሠራተኞች ሰው ሲገባ ያያሉ፣ እሷ ሲወጣ ማየት ትወድ ነበር። በሩ ሲከፈት አንዱ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ግን ቀለል ብሎት ይወጣል። ሌላው ያንኑ ፊልም አይቶ ፊቱን አጨፍግጎ ይወጣል። አንድ ጨለማ፣ አንድ መጋረጃ፣ ሁለት የተለያየ ፊት! «ፊልሙ እኮ አንድ ነው፤» ትላለች፣ «የሚለያየው ሰውዬው ይዞት የገባው ነው።» እኔ ይህን ስሰማ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እሷ ግን በእጇ የያዘችውን ብርቱካን መላጥ ቀጠለች።

እና ሰው ሲመጣ ይዞት የመጣውን ትጠይቃለች። ከሥራ የምትወጣውን ነርስ አስታውሳለሁ። ነጭ ጫማዋን እንኳ አልቀየረችም ነበር።

«የሚያስለቅስ ስጪኝ» አለቻት።

«ማን ሞተብሽ?»

«ማንም። ሳላለቅስ ሰነበትኩና እንባው ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል።»

«መጨረሻው ላይስ ምን ሆነሽ መተኛት ትፈልጊያለሽ?»

«ቀሎኝ። ነገ ደግሞ ሥራ አለኝ።»

«የማታይው ነገርስ?»

«ሆስፒታል! አደራሽን፣ አልጋ ላይ የተኛ ሰው እንዳታሳዪኝ።»

ሴትዮዋ እየፈለገች ሳለ እንዲህ አለቻት፦ «እንዲህ ንገሪኝ እንጂ! አሁን ያለሽበትን፣ ስትጨርሺ የምትደርሺበትን፣ የማትረግጪውን። ታክሲ ስትሳፈሪ እንኳ መድረሻሽን ሳትናገሪ ‹ጥሩ ቦታ ውሰደኝ› ትያለሽ?»

የዚህች ሴት ጥያቄ አንድ ጊዜ ብቻ ሲጎድል አይቻለሁ። ዋጋው ከባድ ሊሆን ነበር።

ከሱቋ ፊት ለፊት ልብስ ሰፊዋ አለች። ከአባቷ ጋር ነው የምትኖረው። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እናቷ ከሞቱ ወዲህ አዛውንቱ ራት እንደበሉ መድኃኒታቸውን ይውጡና ወደ ክፍላቸው ይገባሉ፣ በሩም ይዘጋል። ያን ሰሞን ደግሞ፣ «እህቴ ዘንድ ሄጄ ልኑር፤ እዚህ እንደ ቁም ሣጥን ቆሜያለሁ» ብለው ለቅዳሜ የአውቶቡስ ቲኬት አስቆርጠው መጡ። ልጅቱ እንዲቀሩ ልትለምናቸው ፈለገች፣ ግን ከማይቀመጥ ሰው ጋር እንዴት ይወራል? አንድ ማታ እንኳ አጠገቧ ቢያመሹ፣ ከዚያ በኋላ ቃሉ ራሱ ይመጣል ብላ አሰበች።

ወደ መስኮቱ ስትመጣ ሰልፍ ነበር፤ መብራትም አንድ ጊዜ ሄዶ መምጣቱ ነው። «እትዬ፣ ለአባባ ነው። ደብሮታል» አለች።

ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጠይቅ ጫነች። የደበረው ሰው መሳቅ አለበታ! ያን ሰሞን ሰፈሩን ሁሉ ያሳቀውን፣ ረጅም፣ ጫጫታ የበዛበት የሠርግ ቀልድ ሰጠቻት።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ መስኮቱ ላይ ስትቆም ሜትሯ አሁንም አንገቷ ላይ ነበር።

«ተነስቶ ሄደ» አለች።

«መቼ?»

«ሙሽራዋ በቂጧ ዘጭ ብላ ስትወድቅ። ሳቅኩ፣ እሱም ፈገግ ያለ መሰለኝ። ከዚያ ‹እናትሽ ብትኖር ጎረቤት እስኪሰማ ትስቅ ነበር› አለና በሩን ዘጋ።»

ምን ሆንክ በርጩማዋን ወደ መስኮቱ ሳበች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ደብሮታል አልሽኝ፣ ቃሉን ይዤ ሰውዬውን ተውኩት።»

ይህ ቃል ከረጢት ነው። ሥራ የፈታው ደብሮኛል ይላል፣ የተጣላው ደብሮኛል ይላል፣ ሚስቱን የቀበረውም ሌላ ቃል አጥቶ ደብሮኛል ይላል። ከረጢቱን ሳይፈቱ በክብደቱ ብቻ ምን እንዳለበት የሚያውቅ ማን ነው?

«አሁን ፍቺልኝ» አለቻት። «ክፍሉ ገብቶ ምን ያደርጋል?»

«ምንም። መስኮቱን ከፍቶ መንገዱን ያዳምጣል።»

«የመንገዱን ምን?»

ልጅቱ ሳትፈልግ ሳቀች። «መኪኖቹን ይሳደባል። ‹ማርሽ ቀይር እንጂ አንተ ከብት፣ ሞተሩን ገደልከው!› ይላል፣ ለብቻው።»

«እሰይ! ይህ የሰለቸው ሰው አይደለም፣ ሥራ የናፈቀው ሰው ነው። ከራት በኋላ ምን ያህል ሳይተኛ ይቆያል?»

«ራት ላይ መድኃኒቱን ይውጣል፤ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል። ከዚያ ዐይኑ ይከደናል።»

«የትናንቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ባይከፋው እንኳ መሀል ላይ እንቅልፍ ይወስደው ነበር። ከአንድ ሰዓት ተኩሉም ላይ ሳሕን የምታነሺበትን፣ ሪሞት የምትፈልጊበትን ቀንሺ። የጽሑፍ ትርጉምስ ያነባል?»

«መነጽሩን ማድረግ አይወድም። አርጅቻለሁ እንዳይል።»

«ስለዚህ ወሬ የማይበዛበት። የማይነካበት ነገርስ?»

ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሆዱን የሚበላው ሳቅ ነው መሰለኝ። የሴት ሳቅ።»

«ሠርግም ቀብርም የለም ማለት ነው። አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

«አንቺም እኮ አጠገቡ ትቀመጫለሽ። ምን ሆነሽ ነው የምትቀመጪው?»

ልብስ ሰፊዋን ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም። ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ እጇ ላይ ጠቀለለችው፣ ፈታችው፣ እንደገና ጠቀለለችው። «ፈርቼ» አለች። «ቅዳሜን ፈርቼ፤ እህቱ ዘንድ ሊሄድ ቲኬት ቆርጧል።»

ሴትዮዋ ኮምፒውተሩ ውስጥ ስትፈልግ ብዙ ቆየች። የሰጠቻት ፊልም ማንም ጠይቆት የማያውቅ ነው። አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ነጂ አንዲት የእንጨት በር ጭኖ፣ ተራራ ለተራራ፣ ሩቅ መንደር ውስጥ ወደሚሠራ ቤት ያደርሳል። አለቀ። ሰውዬው ብዙ አይናገርም፤ የሚናገረው ሞተሩ ነው። «አደራሽን፣» አለች ምን ሆንክ፣ «እይልኝ ብለሽ እንዳትጠሪው። ድምፁን ከፍ አድርጊና ሳሕን ጠቢ። ዝምታው የበዛበት ፊልም ነው፤ ስልክሽን አርቂ፣ አለበለዚያ አንቺ ራስሽ ትሰለቺያለሽ።»

የዚያን ማታ የሆነውን ልብስ ሰፊዋ ራሷ ነግራኛለች። ራት ተበላ፣ መድኃኒት ተዋጠ፣ አባቷ በሩ ድረስ ሄዱ። ከሳሎኑ መኪና ዳገት ሲወጣ ተሰማ። አዛውንቱ እጃቸው በሩ ላይ እንዳለ ቆሙ።

«ከፍ ብሎ የገባ ማርሽ ነው» አሉ። ለማንም አልነበረም።

ቀጥሎ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ልነሳ እንደሚል ሰው። ከዚያ ወደ ኋላ ደገፍ አሉ። «ቁልቁለት ላይ ማርሽ ያወጣል እንዴ! ይኼ ነጂ ነው? ይኼ ሟች ነው!» ልጅቱ ወጥ ቤት ቆማ ውኃው በከንቱ ሲፈስ አልሰማችም። መጥታ አጠገባቸው ስትቀመጥ፣ ቀኝ እግራቸው ምንጣፉ ላይ የሌለ ፍሬን እየረገጠ ነበር። የፊልሙ መኪና አንድ ድልድይ ላይ ሲደርስ፣ «እናትሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እንዲህ ያለ ድልድይ ጋ ነው። መኪናው ሞልቶ ትቻት ሄድኩ። ሲመሽ ባዶውን ተመልሼ መጣሁ» አሏት። ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም። ፊልሙ ሲያልቅ፣ በሩ ተተክሎ ሲከፈት፣ ዐይናቸው ገና እንደተገለጠ ነበር። ስለ ቅዳሜ እሷ አልጠየቀችም፣ እሳቸውም አላነሱም። ክፍላቸው ገቡ፣ በሩን ግን ገርበብ አድርገው ተዉት።

ዐርብ ከሰዓት በኋላ እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ ሳለሁ አዛውንቱ መንገዱን ተሻግረው መጡ። ባርኔጣቸውን አነሱ።

«አንቺ ነሽ ምን ሆንክ የሚሉሽ?»

«እኔ ነኝ አባባ። ምን ሆነው መጡ?»

«ምን እንደሆንኩማ...» ዘወር ብለው የልጃቸውን ሱቅ አዩ። የስፌት መኪናው ድምፅ ከወዲያ ይሰማል። «ወሬ አምሮኝ ነው የመጣሁት። ልጄ ቀን ትሠራለች፣ ማታ አብረን እናያለን። መንገድ ይኑርበት። የሚነዳው ሰው መንዳት ይወቅ፤ የዚያኛው ማርሽ አቀያየር አናዶኛል። ሳቅም... ትንሽ ቢኖር ግድ የለኝም። ትንሽ።»

የኮምፒውተሩ ማውስ ላይ ያለው የምን ሆንክ እጅ ቆመ። ልታውቀው የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፣ እኔም እንደ እሷ፤ ነገር ግን በቀጥታ አልጠየቀችም። የሥራዋን ጥያቄ ጠየቀች።

«ምን ያህል ጊዜ አለዎት አባባ?»

አዛውንቱ የልጃቸውን ፍላሽ ከደረት ኪሳቸው አወጡ። አብሮ የተጣጠፈ የአውቶቡስ ቲኬት ወጣ። አዩት፣ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት፣ ፍላሹን በመስኮቱ አቀበሏት።

«ተከታታይ ፊልም የለሽም?» አሉ። «ክፍሉ የበዛ ይሁን።»