ኪሱ በቀኝ በኩል የነበረው ሸሚዝ

ፎቶ አይዋሽም የሚል ሰው ሲገጥመኝ አልከራከረውም። እንዴት እንደሚዋሽ ስለማውቅ፣ እሱም እንጀራዬ ስለነበር፣ ዝም ብዬ አየዋለሁ። በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ኔጋቲቭ ላይ በቀጭን እርሳስ ብጉር አጠፋ፣ የተሸበሸበ ግንባር አለሰልስ ነበር። ለትዳር የሚላክ ፎቶ ሲሆንማ ባለቤቱ ራሱ ሲያየው ደንገጥ እስኪል ድረስ አሳምረዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ክፉኛ አስተማረኝ። አንድ የባቡር ሠራተኛ ለቀበሌ መታወቂያ ፎቶ ተነሳ። በግራ ጉንጩ ላይ ትልቅ ጠባሳ ነበረው። ኔጋቲቩን ማተሚያው ውስጥ ገልብጬ አስገባሁትና ጠባሳው በቀኝ ጉንጩ ወጣ። እኔም አላየሁ፣ እሱም አላየ፤ ሰው ራሱን የሚያውቀው በመስታወት ስለሆነ የተገለበጠው ፎቶ ልክ መስሎታል። የኬላ ጥበቃው ግን አየ። ያኔ "ይህ አንተ አይደለህም" መባል ቀልድ አልነበረም፤ ሰውዬው ግማሽ ቀን ታግቶ ዋለ። አሠሪዬ ሄዶ ኔጋቲቩን አሳይቶ አስፈታው። ከዚያ ወዲህ ፎቶ ሳይ ፊት አላይም። መጀመሪያ የማየው ልብስ ነው፤ የወንድ ሸሚዝ ኪስ በግራ ደረት ላይ መሆን አለበት።

ደርግም አለፈ፣ ፎቶ ቤቱም ተዘጋ፣ እኔም አረጀሁ። ከጥቂት ዓመት በፊት የወንድሜ ልጅ የሰፈራችንን የቴሌግራም ግሩፕ ትመራ ነበር። የታመመ ሰው እርዱኝ ሲል እሷና ጓደኞቿ አጣርተው "ተረጋግጧል" ብለው ይለጥፋሉ፣ ድሬም ኪሷን ትፈታለች። የድሬን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ለራሱ ሲሆን ይከራከራል፣ ለታመመ ሲሆን አይጠይቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት ስልኳን ይዛ መጣች፤ ሳምንቱን ሙሉ በሰፈሩ ከስልክ ስልክ ሲዞር የነበረ የእርዳታ ልመና አሳየችኝ። ሰባት ዓመት የማይሞላት ልጅ የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫዋ ላይ ሆኖ አልጋ ላይ ተቀምጣለች፤ አባቷ ከኋላ ደግፏታል። ከሥሩ ስሟ፣ ልቧ ላይ ክፍተት እንዳለ፣ ውጭ አገር ካልታከመች በወሩ ውስጥ እንደማትተርፍ፣ ቤታቸውም ከደቻቱ ወንዝ ማዶ እንደሆነ ተጽፏል። የባንክ ሒሳቡ በ"አጎቷ" ስም ነው።

"አንቺ፣ እይልኝ እስቲ" አለችኝ። በእኛ አገር አክስትም አንቺ ናት፤ አንቱታ ለደገኛ ነው። "ፎቶውን በኢንተርኔት ፈለግሁት፣ የትም የለም። ስለዚህ የራሳቸው ነው። ልለጥፈው ነው።"

"አጎቷ ነኝ ባዩን አናገርሽው?"

"አለቀሰ። ልጅቷን በቪዲዮ አሳየኝ ስለው ኔትወርክ የለም አለ። የሐኪም ወረቀት ላከልኝ።"

"ወረቀቱ ከሆስፒታሉ መውጣቱን ጠየቅሽ?"

አልጠየቀችም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ግን መጠርጠርም ያስፈራል። ልጅቷ ካለችና ሌባ ናቸው ካልን፣ የምንገድላት እኛ ነን። ከሌለችና ተረጋግጧል ካልን፣ ነገ በእውነት የሚታመም ሰው አማኝ ያጣል።

በማግስቱ አብረን ወረቀቱ ላይ ወደተጻፈው ሆስፒታል ሄድን። የሆስፒታሉ ማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ስለ ታካሚ ያለ ቤተሰብ ፈቃድ እንደማትነግረን በትህትና አስረዳችን። ወረቀቱን ግን አገላብጣ አየችው። "ስለ ሰው አልነግራችሁም፣ ስለ ወረቀት ግን ልንገራችሁ። ይህ ቁጥርም ማኅተምም የእኛ አይደለም" አለች። ከዚያ ደቻቱ ማዶ ወዳለው አፎሻ፣ ወደ ሰፈሩ ዕድር፣ ሄድን። የአፎሻ ሴቶች ለሠርግም ለቀብርም የማይደርሱበት ቤት የለም፤ የማን ልጅ ሲያስነጥስ ያውቃሉ። እንዲህ ያለች ልጅ አናውቅም አሉ።

ቤቴ ስንመለስ የወንድሜ ልጅ ግን "ተከራይ ቢሆኑስ? ወረቀቱን ደላላ ሠርቶላቸው ቢሆንስ? ፎቶው እኮ የትም የለም!" አለች። አልፈረድኩባትም። እውነትም የሆነ ልጅ ፎቶው ውስጥ አለች፤ ዓይኖቿ ይለምናሉ።

ስልኩን ተቀበልኳትና በልማዴ ልጅቷን ትቼ የአባቷን ሸሚዝ አየሁ። ኪሱ በቀኝ ደረቱ ላይ ነው። ቁልፎቹም እንደ ሴት ልብስ በሌላ በኩል ተደርበዋል።

"ይህ ፎቶ ተገልብጧል" አልኩ።

"ማለት?"

"ማለትማ፣ ልክ በመስታወት እንደታየ ነው። መልሰሽ ገልብጪውና ፈልጊ።"

ሳቀችብኝ። በአንድ ጣት ነካ አደረገችው፤ እኔ ጨለማ ክፍል ውስጥ በቀይ መብራት ስሠራው የኖርኩት ነገር በዓይን ጥቅሻ አለቀ። መልሳ ፈለገችው።

አጀብ! ያቺው ልጅ ከስልኩ ውስጥ ወጣች። ያው አልጋ፣ ያው አባት፤ ኪሱ ግን በግራ። በሩቅ ክፍለ ሀገር ያለ አንድ አስተማሪ ለተማሪው እርዳታ ሲለምን ከአራት ዓመት በፊት የለጠፈው ነው። ሌባው ዳር ዳሩን ቆርጦ፣ ገልብጦ፣ ስሟን ቀይሮ ድሬዳዋ አምጥቷታል። አንዲት ልጅ ሳታውቀው ከተማችን ውስጥ ታማ ተኝታለች፣ ሰው ሲያለቅስላት ሰንብቷል!

የአስተማሪው ስልክ ቁጥር እዚያው ነበር። የወንድሜ ልጅ ልትደውል ስትል እጇን ያዝኩት። አራት ዓመት ለታመመ ልብ ረጅም ነው። ሞታ ቢሆንስ? አስተማሪው አነሳና የመጣንበትን ሰምቶ፣ "ቆዩ፣ አባቷን ልጠይቅ" ብሎ ዘጋው። ያቺን ሰዓት አልረሳትም። ጎረቤቴ ለቅሶ ውላ ስትመለስ እንደ እንጨት ደርቀን ተቀምጠን አገኘችን። ነገሩን ስነግራት አጠገቤ ተቀመጠች።

በመጨረሻ በቪዲዮ ተደወለ። አባትየው ጸጉሩ ሸብቷል። ከጎኑ ረዘም ያለች፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ አለች። እነዚያው ዓይኖች ናቸው፤ አሁን ግን አይለምኑም። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶላት መረብ ኳስ ትጫወታለች አሉን። ስንት ሺህ ፊት በእጄ አልፏል፤ አንድ ፊት ከፎቶ ወጥቶ አድጎ ሲያየኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ተንሰቀሰቅሁ።

"እኔ ድሬዳዋ ታምሜ ነው ያለሁት?" አለች ልጅቷ እየሳቀች።

አባቷ አልሳቀም። ሰዎች ፎቶዋን እያዩ ሞታለች ወይ ብለው ስንቴ እንደደወሉለት ነገረንና፣ "እባካችሁ አጥፉልን" አለ። የወንድሜ ልጅ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋ፣ የልጅቷን ፊት ሸፍና ግሩፑ ላይ እንደምታጋልጠው፣ የሒሳብ ቁጥሩንም ለባንክና ለፖሊስ እንደምታደርስ ቃል ገባችለት።

ልንዘጋ ስንል ጎረቤቴ ስልኩን ተቀበለችን።

"ልጄ፣ ሳምንቱን ሙሉ ለሱብሂ ሶላት ስነሳ ላንቺ ዱዓ ሳደርግ ነበር" አለቻት። "ግን ሌባው ባወጣልሽ ስም ነው የለመንኩት ወላሂ። የራስሽ ስም ማነው?"

ልጅቷ ነገረቻት። ጎረቤቴ እንዳይጠፋት ሁለት ጊዜ ለራሷ ደገመችው።

"ግን እኮ ድኛለሁ" አለች ልጅቷ ግራ ገብቷት።

"አየሁሽ፣ ማሻአላህ። ምስጋናው በስምሽ ይሁን ብዬ ነው።"